60 ሳንቲሜትር ሮቦት፣ 70 ሳንቲሜትር መተላለፊያ

በአንድ መጋዘን ውስጥ፣ በሁለት ረድፍ መደርደሪያ መካከል 70 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው መተላለፊያ አለ እንበል። ዕቃ የሚያመላልሰው ሮቦት ወርዱ 60 ሳንቲሜትር ነው። ሠራተኛው በሜትር ለክቶ አይቶታል፤ በግራም በቀኝም አምስት አምስት ሳንቲሜትር ይተርፋል። ሮቦቱ ግን መተላለፊያው አፍ ላይ ደርሶ ይቆምና መንገድ አላገኘሁም ይላል። ይኸው ሮቦት በሌላ ቀን፣ 1 ሜትር ከ20 በሆነ ሰፋ ያለ መተላለፊያ ውስጥ መሃሉ ባዶ ሆኖ ሳለ መደርደሪያውን ሊፍቀው ምንም ሳይቀረው ጥግ ጥጉን ይዞ ይሄዳል።

በመጀመሪያው ፈሪ፣ በሁለተኛው ደፋር ይመስላል። ሁለቱም ጠባይ ግን የሚመጣው ከአንድ ቦታ ነው። ሮቦቱ መንገዱን የሚመርጠው በካርታ ላይ በተጻፉ ቁጥሮች ነው፤ ቁጥሮቹን የጻፈላቸው ደግሞ ሰው ነው። በሰፊ አዳራሽ ውስጥ ቁጥሮቹ ትንሽ ቢዛቡ ማንም ልብ አይለውም። በጠባብ መተላለፊያ ግን አንድ ቁጥር መቀየሩ ብቻ ሮቦቱ ይለፍ፣ ይቁም ወይስ ዞሮ ይሂድ የሚለውን ይወስናል።

ካርታው ወለሉን በትንንሽ ካሬዎች የከፋፈለ ነው። የተለመደው መጠን በየጎኑ 5 ሳንቲሜትር ነው። 20 ሜትር በ30 ሜትር የሆነ መጋዘን በዚህ ልክ ሲከፋፈል 240,000 ካሬ ይወጣዋል። ሮቦቱ ላይ የተገጠመው ሌዘር ዙሪያውን እየቃኘ ጨረሩ የነካው ነገር ያለበትን ካሬ “የተያዘ” ብሎ ይመዘግባል። እዚህ ላይ የመጀመሪያው ችግር ይፈጠራል። የመደርደሪያው እግር ከአንድ ካሬ ውስጥ የገባው በጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ቢሆንም የሚያዘው ካሬው በሙሉ ነው። በሁለቱም በኩል እንዲህ ቢሆን፣ በሜትር 70 ሳንቲሜትር የነበረው መተላለፊያ በካርታው ላይ 60 ሳንቲሜትር ይሆናል። 60 ሳንቲሜትር ለሚሰፋ ሮቦት ምንም አልተረፈም። ሠራተኛውም አልተሳሳተም፣ ሮቦቱም አልዋሸም፤ የለኩበት ሜትር ግን የተለያየ ነው።

መንገዱን የሚፈልገው ስሌት ኤ ስታር ይባላል። ዕድሜው ከብዙዎቹ ተጠቃሚዎቹ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1968 ፒተር ሃርት፣ ኒልስ ኒልሰንና በርትራም ራፋኤል የተባሉ ተመራማሪዎች በካሊፎርኒያው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም ውስጥ ሆነው አሳተሙት። በዚያን ጊዜ ሼኪ የተባለውን፣ በክፍሎች መካከል እየተዘዋወረ ሣጥን የሚገፋ ሮቦት እየሠሩ ነበር። ከእነሱ በፊት፣ በ1959፣ ኔዘርላንዳዊው ኤድስገር ዳይክስትራ አጭሩን መንገድ የሚያገኝ ስሌት አሳትሞ ነበር። የዳይክስትራ ዘዴ ትክክለኛ ቢሆንም ከመነሻው ተነስቶ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይስፋፋል፤ መድረሻው በምሥራቅ ቢሆንም ምዕራቡን ያስሳል። ሦስቱ ተመራማሪዎች የጨመሩት ግምትን ነው። እያንዳንዱ ካሬ ሁለት ቁጥር ይያዝ አሉ፦ አንዱ ከመነሻው እስከዚህ ድረስ የተከፈለው ዋጋ፣ ሌላው ከዚህ እስከ መድረሻው ይቀራል ተብሎ የሚገመተው ዋጋ። ስሌቱ ሁልጊዜ የሁለቱ ድምር የሚያንስበትን ካሬ አንስቶ ይመረምራል።

በትንሽ ምሳሌ እንየው። መድረሻው ከመነሻው በስተምሥራቅ ስድስት ካሬ ርቆ ይገኛል፤ ሮቦቱ ወደ ጎንና ወደ ፊት እንጂ በሰያፍ አይሄድም። ሲነሳ የከፈለው 0፣ የሚቀረው ግምት 6፣ ድምሩ 6 ነው። አንድ ወደ ምሥራቅ ሲራመድ 1 ከፍሎ 5 ይቀረዋል፤ ድምሩ አሁንም 6። ሁለተኛውም እንደዚያው 6። ሦስተኛው ካሬ ላይ ግን ፓሌት ተቀምጧል፣ አይታለፍም። ከሁለተኛው ካሬ ወደ ሰሜን ቢወጣ 3 ከፍሏል፣ 5 ይቀረዋል፣ ድምሩ 8 ይሆናል። ከመነሻው ወደ ምዕራብ ቢመለስም 1 ከፍሎ 7 ስለሚቀረው ድምሩ 8 ነው። እኩል ሲሆኑ ለመድረሻው የቀረበው ይቀድማል። በዚህ አካሄድ ፓሌቱን በሰሜን በኩል ዞሮ በስምንት እርምጃ ይደርሳል። የምዕራቡን በኩል አንድ ካሬ እንኳ ገፍቶ መመርመር አላስፈለገውም።

ለዚህ ሁሉ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ። ግምቱ ከእውነተኛው ዋጋ መብለጥ የለበትም። ካነሰ ስሌቱ ተጨማሪ ካሬ ይመረምራል እንጂ የተሻለውን መንገድ አይስትም። ከበለጠ ግን ጥሩውን መንገድ ውድ መስሎት ሊያልፈው ይችላል።

ኤ ስታር እንዲህ ሲሠራ ሮቦቱን የሚያየው እንደ አንዲት ነጥብ ነው። ነጥብ ደግሞ በየትኛውም ቀዳዳ ታልፋለች። 60 ሳንቲሜትር የሚሰፋውን አካል በየእርምጃው ከየመደርደሪያው ጋር እያስተያዩ ማስላት ይቻላል፤ ለ240,000 ካሬ ሲሆን ግን ሥራው ይከብዳል። መፍትሔው የመጣው ነገሩን በመገልበጥ ነው። በ1979 ቶማስ ሎዛኖ-ፔሬዝና ማይክል ዌስሊ ባሳተሙት ጽሑፍ ሮቦቱን ወደ ነጥብ አሳንሶ ዕንቅፋቱን በዚያው ልክ ማወፈርን አሳዩ። የሮቦቱ መሃል ከመደርደሪያው ከ30 ሳንቲሜትር በታች ሊቀርብ ካልቻለ፣ መደርደሪያው በየጎኑ 30 ሳንቲሜትር እንደወፈረ ተደርጎ ይሣል። ከዚያ በኋላ ነጥቡ እንደልቡ ይሂድ። 1 ሜትር ከ20 የነበረው መተላለፊያ ለነጥቡ 60 ሳንቲሜትር ይሆንለታል፤ 90 የነበረው 30 ይሆናል።

ማወፈሩ እዚህ ላይ ቢያቆም ካርታው “ይቻላል” እና “አይቻልም” ብቻ የሚል ይሆናል። በእንዲህ ያለ ካርታ ላይ መደርደሪያውን እየፋቀ የሚሄድ መንገድና መሃሉን ይዞ የሚሄድ መንገድ ርዝመታቸው እኩል እስከሆነ ድረስ ለስሌቱ ልዩነት የላቸውም። ስለዚህ ከወፈረው ክልል ውጭ ሌላ ዳር ይጨመራል። ዋጋው ከመደርደሪያው አጠገብ ከፍ ብሎ ይጀምርና፣ ከምድጃ እየራቁ ሲሄዱ ሙቀቱ እንደሚቀንሰው እየቀነሰ ይሄዳል። ነጥቡ እዚያ መግባት ይችላል፤ ግን ያስከፍለዋል።

ይህን ካርታ ዛሬ በብዙ ሮቦቶች ላይ የሚገኘው አር ኦ ኤስ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ይሠራዋል። ሶፍትዌሩን ያሳደገው ዊሎው ጋራዥ የተባለ የካሊፎርኒያ ድርጅት ሲሆን፣ ባለሙያዎቹ በ2010 ባሳተሙት ጽሑፍ ፒአር2 የተባለው ሮቦታቸው በቢሮ ውስጥ፣ ሰው በሚመላለስበት ወለል ላይ፣ የማራቶንን ርቀት በራሱ መንገድ እየመረጠ መሄዱን ገልጸዋል። ከዚያ ቤት የወጡ ሰዎች በ2014 ፌች ሮቦቲክስን መሥርተው መጋዘን ውስጥ የሚሠሩ ሮቦቶችን ወደ ገበያ አወጡ። በሌላ በኩል አማዞን በ2012 የገዛው ኪቫ ሌላ መንገድ ነው የተከተለው። የኪቫ ሮቦቶች የሚሠሩት ሰው በማይገባበት ወለል ላይ፣ መሬት ላይ የተለጠፉ ምልክቶችን እያነበቡ ነው። እነሱም በኤ ስታር መንገድ ይፈልጋሉ፤ ነገር ግን ወለሉ አስቀድሞ ለእነሱ ተብሎ የተሰናዳ ስለሆነ ካርታው የሚያስጨንቅ አይደለም። ከሰው ጋር አንድ መተላለፊያ የሚጋራ ሮቦት ነው የዋጋ ካርታ በብርቱ የሚያስፈልገው።

በአር ኦ ኤስ ካርታ ላይ የእያንዳንዱ ካሬ ዋጋ ከ0 እስከ 255 ባለው ውስጥ ይወድቃል። ዕንቅፋቱ ያለበት ካሬ 254 ነው። የሮቦቱ መሃል ቢደርስበት ግጭት የማይቀርበት ክልል 253 ነው። 255 ደግሞ ገና ያልታየ ቦታ ነው። ከ253 ክልል ውጭ ያለው በዚህ ቀመር ይወርዳል፤ `d` ከዕንቅፋቱ ያለው ርቀት በሜትር፣ 0.30 ደግሞ የሮቦቱ ግማሽ ወርድ ነው፦

```
cost = 252 * exp(-cost_scaling_factor * (d - 0.30))
```

ባለሙያው የሚነካካቸው ሁለት ቁጥሮች ናቸው።

```
inflation_layer:
  inflation_radius: 0.60
  cost_scaling_factor: 10.0
```

የመጀመሪያው ዋጋው እስከ ስንት ሜትር ድረስ ይዘርጋ የሚለውን፣ ሁለተኛው በምን ፍጥነት ይውረድ የሚለውን ይወስናል። ሁለተኛው ብዙ ሰው ያሳስታል። ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ሮቦቱን ይበልጥ ጥንቁቅ የሚያደርገው ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ዋጋው በቶሎ ይወርዳል፣ ሮቦቱም ወደ መደርደሪያው ለመጠጋት ይደፍራል።

አሁን ጥግ ጥጉን ወደሚሄደው ሮቦት እንመለስ። መተላለፊያው 1 ሜትር ከ20 ነው። `inflation_radius` 0.35 ተብሎ ቢሞላ፣ ከመደርደሪያው 35 ሳንቲሜትር ካለፈ በኋላ ዋጋው በሙሉ ዜሮ ነው። በመሃል 50 ሳንቲሜትር የሚሰፋ ሜዳ ይቀራል፤ በዚያ ሜዳ ላይ ኤ ስታር ማንኛውንም መስመር እኩል ያያል። ሮቦቱ ከግራ በኩል ገብቶ በግራ በኩል የሚወጣ ከሆነ አጭሩ መንገድ የግራውን ዳር ይዞ መሄድ ነው። የሮቦቱ ጎንና መደርደሪያው መካከል የሚቀረው 5 ሳንቲሜትር ብቻ ይሆናል። ስሌቱ የተጠየቀውን በትክክል ሠርቷል፤ መሃል መሃሉን ሂድ ያለው ግን ማንም አልነበረም።

ራዲየሱ ወደ 0.60፣ ማለትም ወደ መተላለፊያው ግማሽ ሲያድግ ነገሩ ይለወጣል። ከግራና ከቀኝ የሚወርደው ዋጋ መሃል ላይ ይገናኛል። ከመደርደሪያው 40 ሳንቲሜትር ላይ ያለ ካሬ 92 ሲሆን ልክ መሃል ላይ ያለው 12 ነው። መንገድ ፈላጊው እነዚህን ቁጥሮች እንዳሉ አይወስዳቸውም። ናቭኤፍኤን የሚባለው በሰፊው የሚሠራበት መንገድ ፈላጊ፣ ለእያንዳንዱ ካሬ መነሻ 50 ያስከፍልና የካርታውን ዋጋ በ0.8 አባዝቶ ይጨምርበታል። በዚህ መሠረት መሃሉ ላይ አንድ እርምጃ ወደ 60፣ ዳሩ ላይ ወደ 124 ይፈጃል። የ10 ሜትር መተላለፊያ 200 ካሬ ነው። በመሃሉ ቢሄድ 12,000፣ በዳሩ ቢሄድ 24,800 ይከፍላል። ከእንግዲህ ጥግ የሚያስይዘው ምክንያት የለም።

ያ 0.8 በዘፈቀደ የተቀመጠ አይደለም። ፕሮግራሙን የጻፉት ሰዎች እዚያው ኮዱ ውስጥ ባሰፈሩት ማስታወሻ፣ ቁጥሩ ከዚህ ከበለጠ ዋጋው ዕንቅፋቱ ዙሪያ ጠፍጣፋ ሜዳ እንደሚሆን፣ መንገድ ፈላጊውም የጠባብ ኮሪደርን ወርድ በሙሉ እኩል መጥፎ አድርጎ ስለሚያይ መሃሉን መያዝ እንደሚተው ያስጠነቅቃሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። የአንድ እርምጃ ዋጋ 253 ላይ ጣሪያ አለው። 0.8 በ3 ቢተካ፣ በካርታው ላይ 68 እና ከዚያ በላይ የሆነ ካሬ ሁሉ ጣሪያውን ይነካል። ዋጋው ቀስ ብሎ በሚወርድበት ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ከ68 በታች የሆነ አንድም ካሬ ላይኖር ይችላል። ይበልጥ ልጠንቀቅ ብሎ ቁጥሩን ያሳደገ ሰው፣ ሮቦቱን መልሶ ወደ ጥጉ ይልከዋል።

የካርታው ኃይል ይበልጥ የሚታየው ሮቦቱ በሁለት መንገድ መካከል ሲሆን ነው። ከመነሻው እስከ መድረሻው በ90 ሳንቲሜትር መተላለፊያ ቀጥ ብሎ ቢሄድ 10 ሜትር ነው። በ3 ሜትሩ ዋና መንገድ ዞሮ ቢሄድ 24 ሜትር ይሆናል። የመግቢያና የመውጫውን ጥቂት ካሬዎች እንተዋቸው። በዋናው መንገድ መሃል የካርታው ዋጋ ዜሮ ስለሆነ አንድ እርምጃ 50 ነው፤ 480 ካሬ 24,000 ያስከፍላል። በጠባቡ መሃል ላይ ነጥቡ ከመደርደሪያው 45 ሳንቲሜትር ይርቃል። `cost_scaling_factor` 10 ሲሆን የካርታው ዋጋ 56፣ የእርምጃው ዋጋ ወደ 95፣ የ200 ካሬው ድምር 19,000 ነው። ሮቦቱ በጠባቡ ይገባል።

ያንኑ ቁጥር ወደ 3 ማውረድ ብቻ ውሳኔውን ይገለብጠዋል። የጠባቡ መሃል 160 ይሆናል፣ እርምጃው 178፣ ድምሩ 35,600። ሮቦቱ አሁን 24 ሜትሩን ዞሮ ይሄዳል። መጋዘኑም መደርደሪያውም ሮቦቱም ያው ናቸው።

ከሁለቱ የትኛው ትክክል ነው? መልሱ ያለው ወለሉ ላይ ነው። ሮቦቱ በዋናው መንገድ በሰከንድ 1.5 ሜትር መሄድ ከቻለ 24 ሜትሩን በ16 ሰከንድ ይጨርሳል። በ90 ሳንቲሜትሩ ውስጥ ግን በሰከንድ ግማሽ ሜትር ብቻ ለመሄድ ከተገደደ 10 ሜትሩ 20 ሰከንድ ይፈጅበታል። በዚህ መጋዘን ዞሮ መሄድ ይፈጥናል፤ ስለዚህ 3 ከ10 የተሻለ ቁጥር ነው። ብዙ ቦታ እነዚህ ቁጥሮች ከሶፍትዌሩ ጋር እንደመጡ ይተዋሉ፤ ሊተዉ አይገባም። በእያንዳንዱ መተላለፊያ ሮቦቱ በእውነት በምን ፍጥነት እንደሚያልፍ በሰዓት ለክቶ ቁጥሩን ከዚያ ጋር ማስታረቅ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ይኸው ምሳሌ ኤ ስታር ሲያስብ ምን እንደሚመስልም ያሳያል። ግምቱ በካሬ 50 ሆኖ በቀጥታ ርቀት ይሰላል፤ ስለዚህ ሲነሳ 200 ካሬ ይቀረኛል፣ 10,000 ይፈጃል ብሎ ይጀምራል። በጠባቡ መተላለፊያ ውስጥ አንድ ካሬ በገባ ቁጥር 178 ይከፍላል፣ ግምቱ ግን በ50 ብቻ ይቀንስለታል። ድምሩ በየካሬው በ128 ያድጋል። የዞሮ መሄዱ ጠቅላላ ዋጋ 24,000 ስለሆነ፣ ፍለጋው ጠባቡን እስከ 109ኛው ካሬ ድረስ፣ ማለትም አምስት ሜትር ተኩል ያህል ይመረምረዋል፤ ከዚያ በኋላ ይተወዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ካርታው ላይ ነው፣ ጎማው ገና አልተንቀሳቀሰም። በጎን በጎኑ አሥር ተመሳሳይ መተላለፊያ ካለ ግን ፍለጋው አንዳንዱን እስከ ግማሽ እየገባ ሊወጣ ይችላል። ዋጋው በናረ ቁጥር ግምቱ ከእውነታው እየራቀ፣ ኤ ስታርም እየዘገየ ወደ ዳይክስትራ ይጠጋል። ግምቱን አባዝቶ ማፋጠን ይቻላል፤ በ2 ከተባዛ የሚገኘው መንገድ ከምርጡ እስከ ሁለት እጥፍ ሊወደድ እንደሚችል ታውቆ ነው።

እስካሁን ካርታው እውነቱን እንደሚናገር ተደርጎ ነው የተነገረው። በሥራ ላይ ግን ካርታው ይሳሳታል፤ በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ደግሞ ስህተቱ ይከፋል።

አንዱ የሄደ ሰው ጥላ ነው። ሠራተኛው በመተላለፊያው መሃል ሲያልፍ ሌዘሩ አይቶት ካሬዎቹን ይይዛል። ሰውየው ከሄደ በኋላ ካሬው የሚለቀቀው ሌላ ጨረር በላዩ አልፎ ከኋላ ያለ ነገር ነክቶ ሲመለስ ነው። ረጅም መተላለፊያ ውስጥ ጨረሩ የሚነካው ነገር ሳያገኝ ሊቀር ይችላል፤ አንዳንድ አሠራር ደግሞ ያልተመለሰ ጨረርን እንደሌለ ስለሚቆጥረው ካሬው እንደተያዘ ይቆያል። አንዲት የ5 ሳንቲሜትር ካሬ ብቻ ብትቀር ምን ይመጣል? በሁለቱም በኩል 30 ሳንቲሜትር ስለምትወፍር 65 ሳንቲሜትር ትዘጋለች። በ1 ሜትር ከ20 መተላለፊያ ውስጥ ለነጥቡ የቀረው መስመር 60 ነበር። መሃል ላይ የቀረች አንዲት ካሬ መተላለፊያውን በሙሉ ዘጋችው። ሮቦቱ ባዶ መተላለፊያ ፊት ቆሞ መንገድ የለም ካለ መጀመሪያ የሚፈተሸው ይህ ነው። በአር ኦ ኤስ ውስጥ `inf_is_valid` የሚባለው ምርጫ ሲበራ፣ ሩቅ ሄዶ ያልተመለሰ ጨረርም ቦታውን እንዲያጸዳ ይደረጋል።

ሌላው የመደርደሪያው መንታ መሆን ነው። ሮቦቱ የቆየውን ካርታና አሁን ሌዘሩ የሚያየውን አንድ ላይ ያነባል። የት እንደቆመ ያለው ግምት በ10 ሳንቲሜትር ከተዛባ፣ ያው መደርደሪያ ሁለት ጊዜ ይሣላል፤ አንዱ በድሮ ቦታው፣ ሌላው 10 ሳንቲሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ። 30 ሳንቲሜትር የነበረው የ90ው መተላለፊያ መስመር 20 ይሆናል። በአርቪዝ ማሳያ ላይ ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። ዕንቅፋቱ በወይን ጠጅ ቀለም፣ 253ቱ ክልል በሰማያዊና አረንጓዴ መካከል ባለ ፈዛዛ ቀለም ይታያል። የመደርደሪያው እግሮች ጥንድ ጥንድ ሆነው ከታዩ ጥፋቱ ያለው ቦታን በመገመቱ ላይ ነው፤ የማወፈሪያውን ቁጥር መቀነስ ሕመሙን ይሸፍናል እንጂ አያድነውም። ከግራና ከቀኝ የመጣው ፈዛዛ ቀለም ከተጋጠመ ደግሞ መተላለፊያው ለኤ ስታር ተዘግቷል፤ የትኛውም የዋጋ ማስተካከያ አይከፍተውም።

ሌዘሩ የማያየው ነገርም አለ። ከወለሉ 20 ሳንቲሜትር ላይ የተገጠመ ሌዘር የሚያየው የመደርደሪያውን እግር ብቻ ነው፤ ከፍ ብሎ ወደ መተላለፊያው የወጣ የፓሌት ጫፍ ካርታው ላይ የለም። ዕንቅፋቱ ካልተጻፈ የሚወፍርም ነገር የለም። ስለዚህ ማወፈር የደህንነት መከላከያ ተደርጎ መታየት የለበትም። አደጋ ሲመጣ ሞተሩን የሚያቆመው ከመንገድ ፈላጊው ተለይቶ የሚሠራ የደህንነት ሌዘር ነው። እሱ የሚጠብቀው ክልል ለጠባብ መተላለፊያ ተብሎ ካልጠበበ ደግሞ፣ በካርታው ላይ መንገድ እያለ ሮቦቱ በየሜትሩ ይቆማል።

የመጨረሻው ገደብ ከሮቦቱ ቅርጽ ይመጣል። እስካሁን ሮቦቱ በግማሽ ወርዱ፣ በ30 ሳንቲሜትር ተወክሏል። ርዝመቱ ግን 80 ሳንቲሜትር ነው እንበል። ከመሃሉ እስከ ማዕዘኑ ያለው ርቀት 50 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ ባለበት ለመዞር 1 ሜትር ወርድ ያስፈልገዋል። በ1 ሜትር ከ20ው ውስጥ በየጎኑ 10 ሳንቲሜትር እየተረፈው ይዞራል። በ90ው ውስጥ ቀጥ ብሎ ያልፋል፣ መዞር ግን አይችልም። ኤ ስታር ይህን አያውቅም። ወደ ፊት የሚወስደው መንገድ አለ ብሎ ይልከዋል፤ መሃል ላይ ፓሌት ከገጠመው አዲስ መንገድ ሲፈልግ ደግሞ እዚያው ዞረህ ተመለስ ይለዋል። ሮቦቱ ሩብ ዙር ሳይዞር ማዕዘኑ መደርደሪያውን ይነካል። ማወፈሪያውን ወደ 50 ሳንቲሜትር ማሳደግ ይህን ይከላከላል፤ ዋጋው ግን 90 ሳንቲሜትሩን መተላለፊያ ጨርሶ መዝጋት ነው።

አቅጣጫን የሚቆጥሩ የኤ ስታር ዝርያዎች አሉ። ሃይብሪድ ኤ ስታር የተባለው በስታንፎርድ ተመራማሪዎች ተሠርቶ፣ በ2007 በአሜሪካ በተካሄደው የሰው አልባ መኪኖች ውድድር ላይ ጁኒየር በተባለው መኪናቸው አማካይነት ተፈትኗል። ዛሬ በአር ኦ ኤስ ውስጥ ሲሠራበት ዙሪያውን በ72 አቅጣጫ ይከፍላል፤ ማለትም እያንዳንዱ አቅጣጫ 5 ዲግሪ ነው። 240,000 ካሬ በ72 ሲባዛ ከ17 ሚሊዮን በላይ ይሆናል። ፍለጋው ሁሉንም አይነካም፤ ቢሆንም ከባድ ኮምፒዩተር ይጠይቃል። ኮምፒዩተሩ ለማይበቃበት መጋዘን ቀለል ያለ አሠራር አለ። 90 ሳንቲሜትር የሆኑት መተላለፊያዎች በካርታው ላይ በእጅ ተከልለው፣ ሮቦቱ በአንድ በኩል ብቻ እንዲገባ፣ ውስጥ እንዳይዞር፣ ከተዘጋበትም በመጣበት መስመር ወደ ኋላ እንዲወጣ ይታዘዛል። ለዚህ ደግሞ ከኋላውም የሚያይ ሌዘር ሊኖረው ይገባል።